የድረ ገጻችን ሜኑ በስልክ አይሠራም፤ ቅዳሜ እንገናኝ

ሰላም የደብረ ማርቆስ ልጆች። ቅዳሜ ከሰዓት 8:00 ላይ በተለመደው ክፍላችን ተገናኝተን የድረ ገጻችንን ሜኑ እናስተካክላለን። በማውዝ ምንም ችግር የለበትም። በአንድሮይድ ስልክ ግን ሲነካ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ቁልፉ `mouseenter` ሲደርሰው ሜኑውን ይከፍታል፣ `click` ሲደርሰው ደግሞ የተከፈተውን ይዘጋል። ማውዝ የያዘ ሰው ጠቋሚውን ሲያስጠጋ ይከፈትለትና ቁልፉን ሳይጫን ወደ ዝርዝሩ ይወርዳል። ስልኩ ግን አንዷን ንክኪ ሁለቱንም አድርጎ በተከታታይ ይልካታል፤ ሜኑው ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል። `mouseenter` ወጥቶ በ`click` ብቻ ቢሠራ ይሻላል እላለሁ። ሌላ ሐሳብ ያላችሁ አምጡ።

ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በተለይ አንድሮይድ። ኮምፒውተር ላይ በሚታየው የስልክ ገጽታ ብቻ መተማመን አይቻልም። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።