ለደንበኞቻችን፦ ቤት ስለሚቀመጥ መጠባበቂያ ቤንዚንና ናፍጣ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ስለ ጀነሬተሩ ሳይሆን አጠገቡ ስለሚቀመጠው ነዳጅ ነው። «አልነሳ አለኝ» ተብለው ከሚመጡልን ትንንሽ የቤንዚን ጀነሬተሮች ብዙዎቹ ራሳቸው ደህና ናቸው። የተበላሸው ውስጣቸው የቆየው ቤንዚን ነው። ቤንዚኑ በምን ዕቃና የት ተቀምጦ እንደነበር ስንጠይቅ ደግሞ አንዳንዴ የምንሰማው መልስ ከማሽኑ ይልቅ ስለ ቤተሰቡ ያሳስበናል።

የአንድ ደንበኛችንን ጉዳይ እንንገራችሁ። እሳቸውም ለሌሎች ይጠቅማል ብለው ፈቅደውልናል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ወቅት በሁለት ባለ 20 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን 40 ሊትር ቤንዚን ገዝተው ከደረጃ ሥር አስቀመጡ። ደረጃው የሚገኘው ከወጥ ቤቱ ጎን ነው። ከዚያ መብራቱ ተሻሻለ፣ ቤንዚኑም ስምንት ወር ያህል እዚያው ቆየ። በመጨረሻ ጀነሬተሩ ሲፈለግ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋ ጀመር። ካርቡሬተሩን ስንፈታው ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ቡናማ በሆነ፣ ቫርኒሽ በሚመስል ሙጫ ተደፍኗል። ጀሪካኖቹም ጎናቸው አብጦ ነበር። ክዳናቸው ጥብቅ ስላልነበረ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት እንደነበር፣ ቤተሰቡ ግን ሽታውን ለምዶት እንደነበር ነገሩን።

በጣም ያሳሰበን ይህ ሽታ ነው። ቤንዚን ለመቀጣጠል ሙቀት አይፈልግም። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ይወጣዋል። ትነቱ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ሽቅብ ወጥቶ አይበተንም። ወለል ለወለል ይሄዳል፣ በበር ሥር ያልፋል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይጠራቀማል። ክብሪት የጫረ ሰው ላይኖር ይችላል። የምድጃ ነበልባል፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ማቀዝቀዣው ሲነሳ የሚፈጥረው ትንሽ ብልጭታ ይበቃል። እሳቱ ከዚያ በትነቱ ላይ ተመልሶ እስከ ጀሪካኑ ይሄዳል። ስለዚህ ቤንዚን ከሰው መኖሪያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጥ። ከደረጃ ሥር፣ ከምድር ቤት፣ ከአልጋ ሥር፣ ከወጥ ቤት፣ ከመውጫ በር አጠገብ ይራቅ። ቦታው ከቤቱ ተነጥሎ የቆመ፣ ከታችም ከላይም አየር የሚገባበት፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ ሕፃናት የማይደርሱበትና የሚቆለፍ ይሁን። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌላችሁ፣ ለምሳሌ አፓርታማ ላይ የምትኖሩ ከሆነ፣ ቤንዚን ጨርሶ ባታስቀምጡ እንመርጣለን። ጀነሬተር ልንሸጥላችሁ ብንፈልግም እንኳ ይህን ከመናገር ወደ ኋላ አንልም።

ናፍጣ ከዚህ ይሻላል። በደንብ የተጣራ ናፍጣ የሚቀጣጠል ትነት የሚሰጠው 55 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ነው። በጥላ ሥር ያለ ጀሪካን እዚያ አይደርስም። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን ናፍጣ ከቀዳችሁ፣ ከታች የቀረችው ጥቂት ቤንዚን ናፍጣውን በቀላሉ እሳት የሚይዝ ታደርገዋለች። ሞተሩንም ትጎዳለች። ለሁለቱ አንድ ዕቃ አታፈራርቁ። በአንዳንድ አገር ቀይ ለቤንዚን፣ ቢጫ ለናፍጣ የሚባለው ለዚህ ነው። ቀለሙን ባታገኙ እንኳ በትልቁ ጻፉበት።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። የዘይት፣ የውሃና የለስላሳ መጠጥ ዕቃዎች ለቤንዚን አልተሠሩም። ፕላስቲካቸው ቤንዚኑን እየመጠጠ ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ቀስ በቀስም ትነት በግድግዳው ያሳልፋል። ክዳናቸው ያለው ስስ ማሸጊያ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ተበላሽቶ ማጥበቅ ያቆማል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በውሃ ጠርሙስ የተቀመጠ ቤንዚን አንድ ቀን በተጠማ ልጅ እጅ ይገባል። የመስታወት ዕቃም አይሆንም፤ አንዴ ከወደቀ ሁሉም ወለል ላይ ነው።

የሚሆነው ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ ጀሪካን ነው። የብረቱም ሆነ የወፍራሙ ፕላስቲክ ያገለግላል። ሰውነቱ ላይ የተቀረጸውን ምልክት ፈልጉ። በብዙዎቹ ላይ `3H1` ካለ የፕላስቲክ፣ `3A1` ካለ የብረት ጀሪካን ማለት ነው። ከሱ ቀጥሎ `Y` ወይም `X` የሚል ፊደል ካለ ለቤንዚን ይሆናል፤ `Z` ብቻ ከሆነ ግን ለቤንዚን አይበቃም። ክዳኑን ስትከፍቱ ውስጡ ያለው ጎማ ሙሉና ለስላሳ መሆን አለበት። ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ቀይሩት። ውስጡ ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ለናፍጣ አትጠቀሙ፤ ዚንኩ ከናፍጣው ጋር እየተዋሐደ ማጣሪያ የሚደፍን ዝቃጭ ይፈጥራል።

ስትሞሉ እስከ አፉ አትሙሉ። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል። በጠዋት ብርድ የተሞላ 10 ሊትር ከሰዓት በኋላ 20 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 0.2 ሊትር ይጨምራል፤ አንድ የውሃ ብርጭቆ ሊሞላ ምንም አይቀረውም ማለት ነው። ቦታ ካላገኘ ጀሪካኑን ይወጥረዋል ወይም በክዳኑ ይወጣል። ጀሪካኑ ላይ የመሙያ መስመር ካለ እዚያ አቁሙ፣ ከሌለ ከአሥር አንዱን እጅ ባዶ ተዉ። በነዳጅ ማደያ ስታስቀዱም ጀሪካኑን ከመኪና አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት፤ የመቅጃው ብረት የጀሪካኑን አፍ እንደነካ ይቆይ። መኪና ውስጥ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሲሞላ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ መውጫ ስለሌለው ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል።

መጠኑስ? ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ የአካባቢያችሁን የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ግድ ነው። ለግንዛቤ ያህል የብሪታንያ ሕግ አንድ ሰው ሳያሳውቅ በቤቱ ማስቀመጥ የሚችለውን ቤንዚን በ30 ሊትር ይገድባል። ዕቃውም ፕላስቲክ ከሆነ ከ10፣ ብረት ከሆነ ከ20 ሊትር እንዳይበልጥ ያዛል። እኛ ግን ለደንበኞቻችን የምንመክረው ከሕጉ ጣሪያ ሳይሆን ከፍጆታው ተነስተው እንዲያሰሉ ነው። የእኚህን ደንበኛ ሒሳብ አብረን ሠራነው። ጀነሬተራቸው በግማሽ ጭነት በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ይወስዳል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ወቅት በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በየምሽቱ ለሦስት ሰዓት ያህል ቢያስነሱ 6 ሊትር ነው። አሁን ግን መብራት የሚጠፋው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋቸው የሳምንታት ክምችት ሳይሆን አንድ ረጅም ሌሊት የሚያሻግር ነዳጅ ነው። አንድ ባለ 10 እና አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ተስማማን። 15 ሊትር 15 ሰዓት ያሠራል። አንድ ባለ 20 ሊትር ያላደረግነው፣ ከባድ ዕቃ ሲቀዳ ስለሚፈስ ነው።

ዕድሜውን ስናወራ ሒሳቡ ይበልጥ ይገባችኋል። በጥላ ሥር፣ ተከፍቶ በማያውቅ ጥብቅ ዕቃ የተቀመጠ ቤንዚን እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። አንዴ ከተከፈተ በ20 ዲግሪ አካባቢ ስድስት ወር፣ በ30 ዲግሪ ሦስት ወር ያህል ነው የሚቆየው። ጀነሬተሩ ታንክ ውስጥ ከሆነ ከአንድ ወር በላይ አትመኑት። ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ጊዜው ያጥራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለት ነገር ይካሄዳል። ቶሎ የሚተኑት ክፍሎች በክዳኑ በኩል ይጠፋሉ፤ ሞተር በቀዝቃዛው የሚነሳው በእነሱ ነው። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ያንን ቡናማ ሙጫ ይሠራል። ያረጀ ቤንዚን መረር ያለ፣ የቀለም መሟሟያ የሚመስል ሽታ አለው፣ መልኩም ይጠቁራል። የነዳጅ ማቆያ ኬሚካል የሚጨመረው ገና ትኩስ እያለ ነው፤ ያረጀውን አያድንም።

ናፍጣ በ20 ዲግሪ አካባቢ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ከ30 በላይ በሚሞቅ ቦታ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት። ጠላቱ ውሃ ነው። ግማሽ በሆነ ዕቃ ውስጥ ሌሊት ጤዛ ይፈጠራል፣ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ በውሃውና በናፍጣው መሃል ተህዋስያን ይራባሉ። ጥቁር ዝልግልግ ነገር ማጣሪያውን ከደፈነ ይኸው ነው። ከጀሪካኑ ሥር ጥቂት በንጹሕ የመስታወት ዕቃ ቀድታችሁ በብርሃን እዩት። ጥርት ካላለ ወይም ሥሩ የተለየ ንብርብር ካለ ሞተር ውስጥ አታስገቡት።

ለደንበኛችን የሰጠናቸው አሠራር ይህ ነው። ጀሪካኑ ላይ የተገዛበት ቀን በእስክሪብቶ ሳይሆን በማይጠፋ ማርከር ይጻፋል። ሦስት ወር ሲሞላው ያልተነካ ካለ ወደ መኪናቸው ታንክ ይገባል፣ ጀሪካኑም በአዲስ ይሞላል። መኪናቸው የቤንዚን ስለሆነ ይህ ይመቻል። ለሞተር መጋዝ ተብሎ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ግን መኪና ውስጥ አይገባም። ስምንት ወር የቆየውን 40 ሊትር ወደ መኪና አላስገባነውም፤ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል ቦታ ነው የተሰጠው። ቦይ ውስጥ ወይም መሬት ላይ መድፋት ትነቱን ለጎረቤት፣ መርዙን ለውሃ ማሳለፍ ነው። ባዶ የሆነው ጀሪካንም ትነት ስለሚቀርበት ክዳኑ ይዘጋ፣ ብረት የሆነው ፈጽሞ አይበየድ።

ጀነሬተራችሁን ከሁለት ሳምንት በላይ እንደማታስነሱት ካወቃችሁ የነዳጅ መዝጊያውን ዝጉና ራሱ እስኪጠፋ አስኪዱት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ያልቃል። ስትሞሉት ደግሞ አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

እጃችሁ ላይ ያለው ጀሪካን ለነዳጅ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ ባዶውን ወደ ሱቃችን አምጡት ወይም ምልክቱን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩን። አይተን እንነግራችኋለን፣ ክፍያ የለውም። የክዳን ጎማም ለየብቻው አለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጀነሬተር ሽያጭና ጥገና ቤታችሁ