ጠርሙሱ ከመቅለጡ በፊት ይታጠብ፦ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በቆሻሻ አያያዝ ቅደም ተከተል መቀነስና ደግሞ መጠቀም ከሪሳይክል የሚቀድሙበትን ምክንያት ስለማስረዳትና ለተመላሽ ጠርሙስ ጥበቃ ስለመጠየቅ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ የጠርሙስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት በየስብሰባውና በየማስታወቂያው የምንሰማው “መልሶ መጠቀም” የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ አድርጎ ስለሚጠራ ነው። ባዶ ጠርሙስን አጥቦ ዳግም መሙላት መልሶ መጠቀም ይባላል፤ ያንኑ ጠርሙስ ሰባብሮ፣ አቅልጦ ሌላ ጠርሙስ መሥራትም በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ አንድ ስለሆነ የሁለቱ ወጪና ጥቅም እኩል ይመስላል፤ ግን በጣም ይራራቃሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች የመጀመሪያውን “ደግሞ መጠቀም”፣ ሁለተኛውን ደግሞ “ሪሳይክል” እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ቅደም ተከተሉ አዲስ ነገር አይደለም። የኔዘርላንድስ የምክር ቤት አባል የነበሩት አድ ላንሲንክ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአገራቸው ምክር ቤት ያቀረቡት ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቆሻሻ መመሪያ አምስት ደረጃ አድርጎ ደንግጎታል፦ ቆሻሻው እንዳይፈጠር መከላከል፣ ደግሞ ለመጠቀም ማዘጋጀት፣ ሪሳይክል ማድረግ፣ ኃይልና ሌላ ጥቅም ማውጣት፣ በመጨረሻም መድፋት። ሪሳይክል ሦስተኛ የሆነበትን ምክንያት ለማሳየት ግን ሕግ ከመጥቀስ ይልቅ በእጄ ሳገላብጠው የኖርሁትን ጠርሙስ ምሳሌ ባደርግ ይሻለኛል። ጠርሙስን የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው፤ መስታወት ጥራቱን ሳያጣ ደጋግሞ ሊቀልጥ ስለሚችል ሪሳይክል እጅግ የሚሳካለት ዕቃ ነው። በዚህ ላይ እንኳ ደግሞ መጠቀም ከበለጠ፣ በሌላው ላይ መብለጡ አያጠራጥርም።

መስታወት የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ነው። ወደ ምድጃው ከሚገባው ጥሬ ዕቃ ውስጥ አንድ አሥረኛው ስብርባሪ ጠርሙስ ሲሆን የሚድነው ኃይል 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ምድጃው ሙሉ በሙሉ በስብርባሪ ቢሞላ እንኳ ቁጠባው ከሲሶ አያልፍም፤ ምክንያቱም ስብርባሪውም ቢሆን መቅለጥ አለበት። በማጠቢያው መስመር ግን ጠርሙሱ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ በሞቀ የኮስቲክ ሶዳ ገንዳ ውስጥ ያልፋል፣ በመጨረሻም በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ እንዳይሰነጠቅ ደረጃ በደረጃ እየቀዘቀዘ ይለቀለቃል። ውኃም፣ ሶዳም፣ ነዳጅም ይፈጃል፤ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዲግሪ ጋር ግን አይወዳደርም።

አንድ ጠርሙስ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ የሚወስነው የሚመለሰው ብዛት ነው። ከ100 ጠርሙስ 96ቱ ቢመለሱ፣ በየዙሩ የሚጠፉት አራት ስለሆኑ አንዱ ጠርሙስ በአማካይ 25 ጊዜ ይሞላል። 90 ብቻ ቢመለሱ 10 ጊዜ፣ 80 ቢመለሱ ደግሞ 5 ጊዜ ብቻ ይሆናል። ከ96 ወደ 90 መውረድ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በፋብሪካው በር ግን ከቀድሞው ሁለት እጥፍ ተኩል አዲስ ጠርሙስ መግዛት ማለት ነው። ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ መመላለሱን በዓይን ማወቅም ይቻላል፤ በትከሻውና በታችኛው ወገቡ ላይ ያለው ነጣ ያለ የፍትጊያ ቀለበት ከሌሎች ጠርሙሶች ጋር በማሽኑ ላይ ሲጋጭ የተሠራ ነው፤ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ጠርሙሱ አርጅቷል።

በማጠቢያው መስመር የሚጣለው ጠርሙስ ሁልጊዜ በእርጅና አይደለም። አፉ የተሸረፈ አለ፤ ቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ተቀምጦበት የተመለሰም አለ፤ ሽታው በሶዳ ስለማይለቅ ከመስመሩ ይወጣል። ሪሳይክል ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ለመሙላት የማይበቃው ይሰበር፣ ይቅለጥም። ገና ብዙ ዙር የሚቀረውን ደኅና ጠርሙስ ወደ ምድጃ መላክ ግን የተሠራ ዕቃን ማፍረስ ነው።

ደግሞ መጠቀም ወሰን አለው። ሃያ አራት ጠርሙስ የያዘ ሳጥን 8 ሊትር ለማይሞላ መጠጥ ከ8 ኪሎ በላይ መስታወት ያሸክማል። መጠጡ ከሚመረትበት እጅግ ሩቅ ሲሄድና ባዶው በሌላ ጉዞ ሲመለስ ነዳጁ ጥቅሙን ይበላዋል። መኪናው ሙሉውን አራግፎ ባዶውን ጭኖ በአንድ ጉዞ ሲመለስ ግን ሒሳቡ ያዋጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ተሞልቶ የሚጣል የመስታወት ጠርሙስ ደግሞ ከፕላስቲኩም ይብሳል፤ ጥቅሙ ያለው መመለሱ ላይ እንጂ መስታወትነቱ ላይ አይደለም። በፌስታል ምትክ የመጡት ወፈር ያሉ ቦርሳዎችም እንደዚሁ ናቸው። ከፌስታሉ ብዙ እጥፍ ስለሚከብዱ፣ ገበያ ደርሰው አንድ ቀን ከተጣሉ ቆሻሻውን ጨመሩ እንጂ አልቀነሱም።

የፕላስቲኩ ጠርሙስ፣ ሕዝቡ “ሃይላንድ” የሚለው፣ ከመስታወቱ ያነሰ ዕድል አለው። ክዳኑ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሚሠራ ተለይቶ ይወጣል፤ ገላው ተፈጭቶ በደንብ ሳይደርቅ ከቀለጠ እርጥበቱ የፕላስቲኩን ሰንሰለት ስለሚበጣጥሰው ይደክማል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ተመልሶ ጠርሙስ ሳይሆን ለጨርቅና ለመሙያ የሚያገለግል ክር ነው፤ ክሩ ሲያረጅ ደግሞ የሚሰበስበው የለም። ቆሻሻ መጣያ የሚደርስበት ቀን ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ለዚህ ነው መቀነስ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው። መቶ ሰው ሦስት ቀን የሚቆይበትን አንድ የመንግሥት ዐውደ ጥናት እንውሰድ። ለእያንዳንዱ በቀን ሦስት ግማሽ ሊትር ውኃ ቢቀርብ 900 ጠርሙስ ይሆናል። አንዱ 15 ግራም ቢመዝን ከ13 ኪሎ በላይ ፕላስቲክ ነው። ያው 450 ሊትር ውኃ በሃያ ሊትር ጃር ቢቀርብ 23 ጃር ይበቃል፤ ጃሮቹም ታጥበው ለሚቀጥለው ጉባኤ ይሞላሉ። ዘጠኝ መቶውን ሰብስቦ ለሪሳይክል ማስረከብ ሪፖርት ላይ ጥሩ ቁጥር ያስገኛል፤ ጃሩ ግን የሚሰበሰብ ነገር ስለማይተው በቶን በሚለካ ሪፖርት ውስጥ ጨርሶ አይታይም። ሥጋቴ ይኸው ነው፤ የተሰበሰበው ብቻ ሲቆጠር ከሁሉ የተሻለው ሥራ ዜሮ ይመዘገብለታል።

ስለሆነም ባለሥልጣኑ ሦስት ነገር እንዲያደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መጠጥ አምራቾች በተመላሽ ጠርሙስ የሸጡትንና ባዶውን የተረከቡትን ብዛት ከሪሳይክል ቶን ለይተው በየዓመቱ እንዲያሳውቁ ይደረግ። ሁለተኛ፣ የጠርሙስና የሳጥን መያዣ ገንዘብ ከአዲስ ጠርሙስ ዋጋ ጋር እየተነጻጸረ በየጊዜው ይሻሻል፤ መያዣው ከዋጋው እጅግ ሲያንስ ሰው ጠርሙሱን ለነጭ ጋዝ ያውለዋል፣ ወይም ይጥለዋል፤ የሚመለሰው ቁጥር የሚወርደውም በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛ፣ ባለሥልጣኑ በራሱ አዳራሽ ከሚያደርገው የሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ በፕላስቲክ ጠርሙሱ ፈንታ ጃርና ብርጭቆ ያቅርብ፤ በስብሰባው መጨረሻ ጠረጴዛው ላይ የቀረውንም ይቁጠር።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የጠርሙስ ማጠቢያ ክፍል ባለሙያ