የስታርተርስ ፈተና ለሚወስዱ ልጆች ወላጆች፦ የቤት ልምምድን በተመለከተ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ልጆቻችሁ የሚወስዱት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ካምብሪጅ ፕሪ ኤ ዋን ስታርተርስ ይባላል። ማዳመጡ 20 ደቂቃ፣ ማንበብና መጻፉ 20 ደቂቃ፣ መናገሩ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈጃል። ማለፍና መውደቅ የለም። በእያንዳንዱ ክፍል እስከ 5 የጋሻ ምልክት ይሰጣል፤ ከፍተኛው ድምር 15 ነው። ስለዚህ «ልጄ ያልፋል ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁን መልስ የለንም፤ «የቱ ጋ ይቸግረዋል?» ብትሉን ግን ልንነግራችሁ እንችላለን።

ማንበብና መጻፉን ለእኛ ተዉት። የእናንተን እገዛ የምንፈልገው በመናገሩና በማዳመጡ ነው። መምህሯ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ለብቻ ተቀምጣ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ማውራት አትችልም፤ ቤት ውስጥ ግን ይህ ቀላል ነው።

የመናገር ፈተናው እንዲህ ይካሄዳል። ልጁ ብቻውን ይገባል። ፈታኙ አንድ ትልቅ ሥዕል ያሳየውና «ዌርስ ዘ ካት?» ዓይነት ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ልጁ በጣቱ ያመለክታል። ቀጥሎ ስምንት ትንንሽ የሥዕል ካርዶች ይቀርባሉ፤ ፈታኙ ከእነሱ አንዳንዶቹን ሥዕሉ ላይ እንዲያስቀምጥ ያዘዋል፦ «ፑት ዘ ቦል አንደር ዘ ቴብል»። እስከዚህ ድረስ ልጁ አንድም ቃል ሳይናገር ሊሠራ ይችላል። ከዚያ ነው ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ካርዶቹ፣ በመጨረሻም ስለ ራሱ የሚጠየቀው።

ይህን ቤት ውስጥ ለመጫወት አንድ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ወረቀቱ ላይ አንድ ክፍል ሣሉ፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ሳጥን፣ በር። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ልጁ ራሱ ቢሥለው ደግሞ ይሻላል። ከዚያ የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ ስምንት ካርዶች ቁረጡና ኳስ፣ ጫማ፣ ድመት፣ ሙዝ፣ ኮፍያ፣ መጽሐፍ፣ ሰዓት፣ ዓሣ ሣሉባቸው። መጀመሪያ «ዊች ኢዝ ዘ ሹ?» በሉ፤ ልጁ ካርዱን ይነካል። ቀጥላችሁ «ፑት ዘ ሹ ኢን ዘ ቦክስ» በሉ። አራት ትእዛዝ ከሰጣችሁ በኋላ ቦታ ተለዋወጡ፤ ልጁ ያዛል፣ እናንተ ታስቀምጣላችሁ። አንዳንዴ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። ድመቷን አልጋው ላይ አድርግ ሲላችሁ ከአልጋው ሥር አድርጓት። «ኖ! ኦን ዘ ቤድ!» ብሎ ከጮኸ፣ ያለ ማንም ግፊት እንግሊዝኛ ተናገረ ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ልጁ ካርዱን መቅደድ ይጀምራል።

በዚህ ጨዋታ ወላጆች ሳያውቁት የሚያጠፉት አንድ ነገር አለ። «አንደር ዘ ቴብል» ስትሉ ዓይናችሁ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል፤ ልጁም ቃሉን ትቶ ዓይናችሁን ይከተላል። የሚያውቅ ይመስላል እንጂ አያውቅም። ለማጣራት ግድግዳውን እያያችሁ እዘዙት። ያኔ ከተደናገረ ኢን፣ ኦን፣ አንደር የሚሉትን ቃላት ገና አልያዘም። ለእነዚህ መዝሙር ይጠቅማል፦ አንዱን መዳፍ እንደ ሳጥን ጎድጎድ አድርጎ ይዞ፣ የሌላውን እጅ ጭብጥ ውስጡ፣ በላዩና ከሥሩ እያደረጉ ቃሉን በፈለጉት ዜማ መዘመር። ሦስቱ ሲጸኑ «ቢሃይንድ» እና «ኔክስት ቱ» ይጨመራሉ።

መልስ ላይ «በሙሉ ዐረፍተ ነገር ተናገር!» እያላችሁ አታስጨንቁት። በዚህ ደረጃ «ዋት ከለር ኢዝ ኢት?» ተብሎ «ብራውን» ብሎ ቢመልስ ትክክል ነው። ረዘም ያለ ነገር የሚፈለገው «ቴል ሚ አባውት ዘ ዶግ» ሲባል ነው፤ እሱም ቢሆን «ኢትስ ቢግ። ኢትስ ብራውን» ካለ በቂ ነው። ስለ ራሱ የሚጠየቀውን ደግሞ እንደ ግጥም አታስጠኑት። በቃል የተጠና ልጅ «ሀው አር ዩ?» ሲባል «አይም ሰቨን» ይላል፤ በመጀመሪያው ቃል ብቻ ተነሥቶ የለመደውን ቅደም ተከተል ይወርደዋልና። ጥያቄዎቹን አዘበራርቁ፤ አንዱን እራት ላይ፣ ሌላውን ታክሲ ስትጠብቁ ጠይቁት።

ወደ ማዳመጡ እንምጣ። ብዙ ልጅ ነጥብ የሚጥለው ስም በፊደል በፊደል ሲነገር ሰምቶ በሚጽፍበት ክፍል ነው። «ግሬስ» የሚለውን ስም እንውሰድ። ድምፁ «ጂ፣ አር፣ ኤይ፣ ሲ፣ ኢ» ይላል። ልጁ ግን በጂ ፈንታ ጄይን፣ በሲ ፈንታ ኤስን፣ በመጨረሻው ኢ ፈንታ «አይ»ን ይጽፋል። አምስት ፊደል፣ ሦስት ስሕተት። ይህ ስንፍና አይደለም። ንባብ ስናስተምር የፊደሉን ድምፅ እናስለምደዋለን፤ እዚህ ግን የሚነገረው የፊደሉ መጠሪያ ነው። ልጁ «ኢ» ሲሰማ በንባብ እንደ «ኢ» የሚሰማውን ፊደል፣ ማለትም «አይ»ን፣ ይጽፋል።

የፊደል መዝሙሩ ይህን አይፈታም። ቅደም ተከተሉን እንጂ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ አያስይዝም፤ መካከል ላይ «ኤልኤምኤንኦፒ» አንድ ቃል ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ መዝሙሩን ድንገት አቁሙና ቀጣዩን ፊደል ይጻፍ። በሌላ ቀን ፊደሎቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ኮፍያ ውስጥ ክተቱ፤ አንዱን አውጥታችሁ ሳታሳዩት መጠሪያውን ተናገሩ፣ እሱ ይጽፋል። የሚያምታቱትን ለይታችሁ ደጋግሟቸው፦ ኤይ፣ ኢ እና አይ፤ ጂ እና ጄይ፤ ቢ እና ቪ። (የመጨረሻውን ፊደል ብዙ መዝሙሮች «ዚ» ይሉታል፤ በእንግሊዞች አነጋገር «ዜድ» ስለሆነ ሁለቱንም ይወቅ።) በዚሁ ክፍል ቁጥርም ይጠየቃል፤ እስከ 20 ይበቃል፤ ቱዌልቭን ከቱዌንቲ መለየቱን ግን አረጋግጡ።

የድምፅ ቅጂው ሁለት ጊዜ ይሰማል። አንድ ፊደል ያመለጠው ልጅ እሱን ሲያስብ የቀሩት ሦስቱ ያልፉታል። ያመለጠውን በሰረዝ ዘልሎ እንዲቀጥል፣ በሁለተኛው ዙር ሰረዙን እንዲሞላ አስለምዱት። እናንተም ስታጫውቱት ሁለት ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ ሦስተኛ ጊዜ ከደገማችሁለት ሁልጊዜ ሦስተኛውን ይጠብቃል።

በማዳመጡ ውስጥ ትእዛዝ እየሰሙ ሥዕል የሚቀቡበት የማቅለም ክፍልም አለ፤ እዚያ ላይ የሚጎዱት ጠንቃቆቹ ልጆች ናቸው። አንዷን ወፍ እስከ ጥፍሯ አሳምረው ሲቀቡ ቀጣዩ ትእዛዝ ያልፋቸዋል። የሚታየው ትክክለኛው ነገር በትክክለኛው ቀለም መቀባቱ ነው፤ ውበት ነጥብ የለውም። ጫር ጫር አድርጎ እርሳሱን እንዲያስቀምጥ ንገሩት።

በዚህ ሳምንት በልጃችሁ ቦርሳ የፈተናውን የቃላት ዝርዝር እንልካለን። የናሙና ፈተናዎች ከካምብሪጅ እንግሊሽ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ፈተናው ሁለት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ አትስጡት፤ ሥዕሎቹን ከሸመደደ ምን እንደሚያውቅ ማወቅ አትችሉም። ለፈተናው ቀን የተቀረጹ ባለ ቀለም እርሳሶች ያስፈልጉታል፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር፣ ግራጫ። ማርከር አትላኩ፤ ወረቀቱን አልፎ የኋላውን ገጽ ያበላሻል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር