የክፍል ስም ዝርዝር በየትኛው ስም ይደርደር?

በኮዬ ፈጬ አካባቢ ላላችሁ የክፍል ተጠሪ መምህራንና የመዝገብ ቤት ባልደረቦች፦

ዝርዝሩ የሚደረደረው በተማሪው በራሱ ስም ነው። ሁለት ሰላም ካሉ የአባት፣ እሱም ከተመሳሰለ የአያት ስም ይለያቸዋል። በኤክሴል ሦስቱን ስሞች በየዓምዳቸው ጽፋችሁ በ Sort መስኮት በ Add Level አከታትሏቸው። ሙሉ ስሙን በክፍተት ቆርጦ ማከፋፈል ግን አይመከርም፤ "ገብረ ማርያም" የተባለው ልጅ አባቱ ማርያም ሆኖ ይገኛል።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ሞክሼ ፊደል ነው። በኮምፒውተሩ ተራ ሠ ከረ በፊት፣ ሰ ከረ በኋላ ስለሚመጣ ዝርዝሩ ሠላም፣ ራሔል፣ ሰላም ብሎ ይወጣል። ኃይሉና ሀይሉ ደግሞ ከዚያም በላይ ይራራቃሉ። ይህን ብላችሁ የልጁን ስም አታርሙ፤ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት። ይልቅ አጠገቡ የመደርደሪያ ዓምድ ክፈቱ፦

```
=SUBSTITUTE(A2,"ሠ","ሰ")
```

ይህ የሚተካው ሠን ብቻ ነው። ሣራንና ሥዩምን አይነካም፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ስለሚቆጠር። ለአንድ ክፍል ዓምዱን በእጅ መሙላት ይቀላል፦ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እና ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ ሣን ወደ ሳ እንደሚባለው ሌሎቹንም እርባታዎች እንዲሁ። ለአባትና ለአያት ስምም እንዲሁ። በእነዚህ ዓምዶች ደርድሩና ስታትሙ ደብቋቸው።