ለወዳጄ፦ በምረቃው ቀን ለልጆቹ የነገርኳቸው

ሐዋሳ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? ድሬዳዋ ከገባህ ወዲህ ደብዳቤ ከተለዋወጥን ዘመን አልፎናል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ግን ከቤተሰቡ ጋር ስምህን ሳናነሳ አንውልም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትምህርት ቤቱም አንተ የምታውቀው ነው፤ ግቢው ውስጥ ያሉት ዛፎች ተልቀዋል፣ የፊዚክስ ላቦራቶሪው ዛሬም መሣሪያ ይጎድለዋል፣ እኔም ርዕሰ መምህር ሆኜ ቀጥያለሁ።

ዛሬ እንድጽፍልህ ያነሣሣኝ በሰኔ ወር ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ያደረግሁት የምረቃ ንግግር ነው። ከአንተ ጋር ጎን ለጎን ስናስተምር በየዓመቱ ከምረቃው በኋላ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብተን የምንከራከርበት ነገር ትዝ ይልሃል። «ለልጆቹ ጣፋጭ ቃል ሰጥተን እንሸኛቸዋለን፣ መንገዱን ግን አንነግራቸውም» ትል ነበር። ዘንድሮ ንግግሬን ስጽፍ ይህ አባባልህ ከአጠገቤ አልተለየም።

ነገሩ ከበፊቱ ይከብዳል። የምረቃው በዓል የሚከበረው ብሔራዊ ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ነው። ልጆቹ ጋውን ለብሰዋል፣ ወላጆች አበባ ይዘው መጥተዋል፣ ፎቶ አንሺው ይሯሯጣል፤ ማን እንደሚያልፍ ግን ገና የሚያውቅ የለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረና ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ከሆነ ወዲህ፣ በ2014 ከተፈታኞቹ ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከፊቴ የተቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ ማለፊያውን እንደማያመጡ እያወቅሁ «ሁላችሁም ነገ ዶክተርና ኢንጂነር ናችሁ» ልላቸው አልቻልኩም። ቁጥሮቹን ነገርኳቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አንዲት እናት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስታስጠጋ አየሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባሁ።

ስለ ጽናት ስናገር የአንድ የቀድሞ ተማሪያችንን ውጤት አሳየኋቸው። ልጁ ፈቅዶልኛል፣ ስሙንም አልጠራሁም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ ነበር፤ ከ600 ያገኘው 262 ነው። ሲዘረዘር እንግሊዝኛ 38፣ ሒሳብ 31፣ ፊዚክስ 40፣ ኬሚስትሪ 47፣ ባዮሎጂ 54፣ አፕቲትዩድ 52። ማለፊያው 300 ስለሆነ የጎደለው 38 ነው። ልጁ ቢሮዬ መጥቶ በድጋሚ በግል ለመፈተን እንዳሰበ ነገረኝ፤ ዕቅዱም ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ባዮሎጂን ማጥናት ነበር። ለምን ባዮሎጂ? ስለሚወደው፣ ደግሞም ስለሚገባው።

እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሒሳቡ ላይ ነበር። ጥያቄዎቹ አራት አራት ምርጫ አላቸው። ምንም ሳያነብብ በግምት ብቻ ያጠቆረ ተፈታኝ በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። እንግዲህ 31 ያገኘ ልጅ የሒሳቡን 31 በመቶ ያውቃል ማለት አይደለም። ከመቶ ጥያቄ 8 ያህሉን በእርግጠኝነት ቢሠራና የቀሩትን 92 ቢገምት፣ ከግምቱ 23 ይደርሱለታል፤ ድምሩ 31 ነው። ለልጁ ይህን በወረቀት ሳሰላለት ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ የስሌቱን ሌላ ጎን አሳየሁት፤ በዚሁ አካሄድ ከመቶ ጥያቄ 33 ያህሉን አጥርቶ የሚሠራ ሰው ወደ 50 ይደርሳል። መላውን መጽሐፍ ሳይሆን ሲሶውን አስተማማኝ አድርጎ መያዝ ማለት ነው።

ስሌቱ አማካይ እንጂ ዋስትና እንዳልሆነ ለልጆቹም አስረድቻለሁ። አንተም የፈተና ጥያቄ አውጥተሃልና ታውቀዋለህ፤ የተሳሳቱት ምርጫዎች ተማሪ ዘወትር ከሚሠራቸው ስሕተቶች የሚወጡ ናቸው። ግማሽ በግማሽ የሚያውቅ ተማሪ ተስቦ ወደ እነርሱ ስለሚሄድ በጭፍን ከገመተው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ልጁን አንድ ነገር አዘዝኩት፤ ያለፈ ዓመት የሒሳብ ፈተና ውሰድ፣ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍን፣ መልሱን ራስህ ሠርተህ ካገኘኸው ብቻ ቁጠረው። በሳምንቱ ሲመጣ ሠርቶ የጨረሳቸው ጥያቄዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያልቻላቸውን ስንመረምር ብዙዎቹ የቆሙበት ቦታ የ12ኛ ክፍል ትምህርት ላይ አልነበረም። ክፍልፋይ ያለበትን እኩልታ መፍታት፣ የፋንክሽን ግራፍ ማንበብ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ነገር ነው። ሌሊት ተነሥቶ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቢደጋግም ኖሮ ዓመቱ በከንቱ ያልቅ ነበር።

ከዚያ የጎደለውን 38 አብረን አከፋፈልን። ሒሳብ ከ31 ወደ 50 ቢመጣ 19፣ እንግሊዝኛ ከ38 ወደ 50 ቢመጣ 12፣ ፊዚክስ በ7 ቢያድግ ሞላ። ባዮሎጂውን ባለበት ይጠብቅ አልኩት። እንግሊዝኛውን ያስገባሁት ለራሱ ነጥብ ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹም ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ የፊዚክስ ጥያቄ አንብቦ የማይረዳ ልጅ ፊዚክሱን ቢያውቅም አይመልስም። በምረቃው ቀን ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ነው የጻፍኩላቸው፤ አዎ፣ አዳራሹ ውስጥ ሰሌዳ አስገባሁ። ፈተናውን አንድ ጊዜ ወድቆ በዚያው አኳኋን መልሶ መቀመጥን ጽናት ብዬ አልጠራውም አልኳቸው። የውጤት ወረቀቱን ተቀብላችሁ እንዳትቀድዱት፣ በየትምህርቱ እንድታነቡት አልኳቸው። ማለፊያውን ሳያመጡ የሪሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ ዕድል ለሚደርሳቸውም ይኸው ነው፤ መቁረጫው በየዓመቱ በትምህርት ሚኒስቴር ስለሚወሰን ማስታወቂያውን መከታተል፣ ከገቡም በኋላ የማጠቃለያውን ፈተና ሳያልፉ ፍሬሽማን እንደማይሆኑ ማወቅ አለባቸው።

ስለ መንገድ ምርጫ ብዙ ልናገር አልፈለግሁም። አንዲት ልጃችንን ጠርቼ አስቆምኳት። በ2015 ከተፈተኑት ናት፤ ማለፊያውን አላመጣችም፣ ሪሜዲያልም አልደረሳትም። ቤተሰቧ ሐኪም ትሆናለች ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ያስተዋወቁ ነበሩና ለወራት ከቤት አልወጣችም። በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለመግባት ስታስብ መጣች፤ እኔም ከመመዝገብሽ በፊት ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሄደሽ ተቀመጪ አልኳት። የልብስ ስፌቱንም፣ የሒሳብ አያያዙንም፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታውንም አየች። ኮሌጁ መለማመጃ መሣሪያ እንዳለው፣ ለትብብር ሥልጠና የሚቀበል ድርጅት መኖሩን ጠየቀች። ኤሌክትሪኩን መረጠች።

ሥልጠናውን ጨርሳ ለብቃት ምዘና ስትቀርብ የሆነውን ራሷ ነች ለልጆቹ የነገረቻቸው። የተግባር ፈተናው ደረጃ ላይ ለሚገጠም አምፖል ከታችም ከላይም የሚያበራና የሚያጠፋ መስመር መዘርጋት ነበር። ሠራች፣ አምፖሉም በራ፣ ጠፋም። ውጤቷ ግን «ገና ብቁ ያልሆነች» ሆነ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ያስገባችው ኃይል በሚያመጣው በፌዙ ሳይሆን በመመለሻው በኒውትራሉ መስመር ላይ ነበር። እንዲህ ሲሆን አምፖሉ ይጠፋል፣ መያዣው ላይ ያለው ኃይል ግን አይቋረጥም፤ አምፖል ሊቀይር እጁን የሚሰድ ሰው ይመታል። «መብራቱ ስለበራ ትክክል መስሎኝ ነበር» አለቻቸው። ወደ ኮሌጁ ተመልሳ እያንዳንዱን መስመር በቴስተር እየለየች፣ ማጥፊያው ጠፍቶ ሳለ መያዣው ላይ ኃይል እንደሌለ እያረጋገጠች ተለማመደች። በሁለተኛው ምዘና ብቁ ሆነች። አሁን በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በጥገና ክፍል ትሠራለች፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በየቤቱ ዝርጋታ ትሠራለች። ልጆቹ ከእኔ ይልቅ እርሷን ሰሟት፤ ደስ ያለኝም እርሱ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡትም አንድ ነገር ሳልነግራቸው አላለፍኩም። የመጀመሪያው ጊዜ ለሁሉም የጋራ ትምህርት ነው፤ የትምህርት ክፍል የሚደርሳቸው እዚያ ባመጡት ውጤትና ባለው ክፍት ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ምርጫ ብቻ ይዘው አይሂዱ። ሲጨርሱም የመውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ካለፉት የወደቁት ይበልጡ ነበር።

በማግሥቱ አንድ አባት ቢሮዬ መጡ። «በደስታችን ቀን ልጆቹን ለምን አስፈራራህ?» አሉኝ። አልተቆጣሁም፣ ሐዘናቸው ገብቶኛል። ለልጃቸው ብለው ላም ሸጠዋል። አብረን ተቀምጠን የልጃቸውን የክፍል ውጤት በየትምህርቱ አየን፤ ሲሄዱ የሒሳብ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት በልጃቸው ስም አስመዝግበው ወሰዱ። የ9ኛ ክፍሉን ነው የወሰዱት።

አሁን ልጆቹ ተፈትነው ተመልሰዋል፣ ውጤት እየጠበቅን ነው። ከነሐሴ ጀምሮ በድጋሚ ለሚፈተኑት ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱን ክፍት ላደርግ ነው፤ ሒሳቡን እኔ እይዘዋለሁ፣ እንግሊዝኛውን አንዲት ወጣት መምህርት በፈቃዷ ተቀብላለች። ፊዚክሱ ነው የቸገረኝ። አንተ በየምዕራፉ አዘጋጅተሃቸው የነበሩት ምርጫ የሌላቸው ጥያቄዎች አሁንም እጅህ ላይ ካሉ፣ እባክህ በሚመቸው መንገድ ላክልኝ። በተለይ የእንቅስቃሴና የኤሌክትሪክ ዑደት ያሉባቸውን፤ ልጆቹ አብዝተው የሚደናቀፉት እነዚያ ላይ ነው። ክረምቱ ሳያልቅ ራስህም ብትመጣ ደግሞ ቤቱ ቤትህ ነው፣ አንድ ሳምንት ብታስተምርልን ልጆቹ ዕድለኞች ናቸው።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ቶሎ ጻፍልኝ።

የዘወትር ወንድምህ