የእንግሊዝኛ ምደባ ፈተናው የልጅዎን ደረጃ እንዴት ይወስናል?

የጅማ ወላጆቻችን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ትናንት አንዲት እናት «ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰዋስው ላይ ከ20 17 አግኝቶ እንዴት በእንግሊዝኛ ትምህርታችሁ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይመደባል?» አሉኝ። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሆነ እዚሁ ልመልስ።

ፈተናው የሚለካው ክፍሉን ሳይሆን በእንግሊዝኛው አሁን ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። ልጁ ወረቀቱ ላይ «ዌንት» የሚለውን በትክክል አክብቧል። ፊት ለፊት «ትናንት ምን አደረግህ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ስጠይቀው ግን «የስተርደይ አይ ጎ መርካቶ» ብሎ ዝም አለ። ሕጉን ያውቀዋል፤ ሲናገር ግን ገና አይደርስለትም። ሦስተኛ ደረጃ ደግሞ ትምህርቱ በውይይት ነው። እዚያ ቢገባ ዝም ብሎ ነበር የሚቀመጠው።

የአንድ ቀን ፈተና ሊሳሳት ይችላል፣ ልጅ ይደነግጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራውን ቶሎ ቶሎ ከጨረሰ፣ ሳይጠየቅም ከተናገረ፣ እንደገና አናግረን እናሳልፈዋለን። እባካችሁ ለፈተናው ብላችሁ መልስ አታስጠኑት።