ስለ ቅዳሜው የቡና ትዕይንት ቀጣይነት

የተከበራችሁ የቀረጻ ቡድን አባላት፣

ባለፈው በእናትየው በኩል የቀረጽነውን የቡና ትዕይንት ቅዳሜ በልጁ በኩል ስለምናጠናቅቅ፣ ሁለቱ ቀረጻዎች በኤዲቲንግ ያለ ስህተት እንዲገጣጠሙ እንደ ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር የሚከተለውን አሳውቃለሁ።

እናትየው ሲኒውን በቀኝ እጇ የምታነሳው «አባትህ» ካለች በኋላ ሲሆን በዚያ ጊዜ ቡናው ግማሽ ነው፤ የዕቃ ክፍል ከእያንዳንዱ ቴክ በፊት ፎቶውን አይቶ ወደዚያው መጠን ይመልሰው። ነጠላዋ በግራ ትከሻዋ ላይ ጥለቱ ወደ ውጭ ሆኖ ይታያል፤ በተለይ ከምሳ በኋላ ከፎቶው ጋር ሳይመሳከር ቀረጻ አይጀመር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእይታ አቅጣጫ ነው። እናትየው ከሌንሱ ወደ ቀኝ ስላየች ልጁ ወደ ግራ ማየት አለበት፤ ካሜራው በሁለቱ መካከል የምናስበውን መስመር ከተሻገረ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ወገን የሚያዩ ይመስላሉ፣ ይህንንም በኤዲቲንግ ማረም እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ተዋናይቷ በምስሉ ባትታይም፣ ከካሜራው ጀርባ ሆነን ስናይ በሌንሱ ግራ፣ ዓይኗ በቀደመው ከፍታ ላይ እንዲሆን በዚያው በርጩማ ትቀመጥ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1:00 ሰዓት በቀረጻው ቦታ እንገናኝ፤ የአልባሳትና የዕቃ ኃላፊዎች ፎቶዎቻችሁን ይዛችሁ እንድትመጡና ሁላችሁም እስከ ሐሙስ ማታ መገኘታችሁን እንድታረጋግጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።